የሃያ ደቂቃ ትውውቅ

ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ሰው አልቸገረኝም። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ተያይዛ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ ለአዲስ መጤ ሐበሻ ባዕድ የምትሆን ቦታ አይደለችም። ዲቪ ደርሶኝ ከአዲስ አበባ ስመጣ የአክስቴ ልጅ ሳሎኑን ለቀቀልኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ የት እንደሚወጣ አሳዩኝ፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና መኪናቸውን አዋሱኝ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ እሱ ከሚሠራበት ፓርኪንግ ወስዶ አስቀጠረኝ። የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል አገሩን ገና በቅጡ አላውቀውም ነበር፤ ይህ ሁሉ የሆነው ወገን ስላለኝ ነው። ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ችግሩ ሌላ ነበር። በሙያዬ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። አርባ ምንጭ ተምሬ፣ የከተሞችን የመጠጥ ውሃ መስመር ስነድፍ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አገር ቤት በየውሃ ቢሮውና በየአማካሪ ድርጅቱ የባች ልጅ፣ ወይም የባች ልጅ አለቃ አይጠፋም። አንድ ነገር ሲያስፈልገኝ ስልክ አነሣለሁ፤ የማላውቀው ሰው ቢሆን እንኳ «የእገሌ ጓደኛ ነኝ» ማለት ይበቃል። እዚህ ግን በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ኡበር፣ ስለ ነርሲንግ ሆም ነው። «ሥራ ካለ ንገሩኝ» ስላቸው ይነግሩኝ ነበር፤ የሚነግሩኝ ግን እኔ አስቀድሜ የሰማሁትን ነው። የደንብ ልብሱን ለብሼ ቆሜ የባች ልጆች ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ስልኩን የማላነሣበት ጊዜ ነበር። «ምን ትሠራለህ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ከብዶኝ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ የሚኖሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኙት፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዓመት አንዴ እንኳ እምብዛም የማያዩት ሰው ነበር ወሬውን ያመጣላቸው። ምክንያቱን ሲያስቡት ግልጽ ነው። የቅርብ ሰው ውሎው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ የማልሰማውን እሱም አይሰማም። አዲስ ወሬ ያለው እኔ የማልውልበት ቦታ ከሚውል ሰው ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አንድም አልነበረኝም።

መንገዱን ያሳየኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ከመንገድ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ናቸው። በየድርጅቱ ልልከው ያዘጋጀሁትን ደብዳቤ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ ነበር፤ ከሥሩ ፎቶዬንና የልደት ቀኔን የያዘ ሲቪ ተያይዟል። በጸጥታ አንብበው ጨረሱ።

«ይህን ለማን ነው የምትልከው?»

«ለሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ።»

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፣ ጋሼ።»

«እሱም አያውቅህም። ደብዳቤህ ውስጥ ያለው ልመና ነው። ለማያውቁት ሰው ሥራ መስጠት ከባድ ነው፤ እምቢ ማለት ብቻ ነው የሚቀለው። ስለ ሥራው ብትጠይቀው ግን መልስ አለው። ሃያ ደቂቃ ለምነው፤ ሃያ ደቂቃ ማንም አይከለክልህም።»

«ማንም» ያሉት እንኳ አልሆነም፤ ከከለከሉኝ ያልከለከሉኝ ያንሳሉ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን ንግግር እንደ ተለመደ ነገር ያዩታል፤ ሥራ ፈላጊ ባለሙያ ሥራ ላይ ያለውን ባለሙያ ስለ ሥራው ይጠይቃል፣ ሥራ ግን አይለምንም። ለእኛ ለሐበሾች ከባዱ ይሉኝታው ነው። ለማላውቀው ሰው ያለ አስተዋዋቂ መጻፍ ድፍረት መስሎ ታየኝ። ጋሼ «እዚህ አገር ድፍረት የሚባለው ሰዓት ማሳለፍ ነው» ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት አልጀምረውም ነበር።

ለማን ልጻፍ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ መልሱን ያገኘሁት በጉባኤ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበር ሜሪላንድን፣ ዲሲንና ዴላዌርን የሚያጠቃልል የቼሳፒክ ክፍል አለው፤ ከፍሳሽ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆኖም ኦሽን ሲቲ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ዓመታዊ ጉባኤ ያደርጋል። ለጉባኤው መሄጃ ገንዘብ አልነበረኝም። ፕሮግራሙ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ ከነመሥሪያ ቤቱና ከነርዕሱ ተዘርዝሮበታል። ማን ስለ ምን እንደሚያስብ ከዚህ የተሻለ የሚነግር ሰነድ አላየሁም። በስማቸው ሊንክዲን ላይ እየገባሁ ፈለግኋቸው።

መልእክቱ አራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በአማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ የከተማ ውሃ መስመር ስነድፍ ቆይቼ በቅርቡ ሜሪላንድ መጥቻለሁ። አሮጌ ቱቦ ስለ መተካት ያቀረቡትን ርዕስ በጉባኤው ፕሮግራም ላይ አየሁት። እዚህ አገር የቱቦ ስፋት በምን እንደሚወሰን መረዳት እፈልጋለሁ። በሚመችዎ ቀን ሃያ ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ ደስ ይለኛል።» ሲቪ አላያያዝኩም። ሲቪ ከተያያዘ ጥያቄው ልመና ይሆናል፤ አንባቢውም ገና ሳይመልስ እንዴት እንደሚሸኘኝ ማሰብ ይጀምራል።

አብዛኞቹ አልመለሱም። በመለሱትና ባልመለሱት መካከል ግን ያስተዋልኩት ልዩነት ነበር። ዳይሬክተሮችና ምክትል ፕሬዚዳንቶች ዝም ይላሉ። የሚመልሱት አምስት፣ አሥር ዓመት የሠሩ መሐንዲሶች ናቸው፤ በተለይም ራሳቸው ከሌላ አገር መጥተው ከዜሮ የጀመሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ መጻፉን ተውኩት። ሁለት ሳምንት ጠብቄ አንድ ጊዜ አስታውሳቸዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ከእነዚህ ንግግሮች አንዱን በዝርዝር ላውራው፤ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ያነጋገረችኝ አንዲት ከአማካሪ ድርጅት የምትሠራ መሐንዲስ ናት። የምኖርበት አካባቢ መንገድ ላይ ቱቦ ሲቀየር አይቼ ነበር። ሠላሳ ቤት ለማይሞላ፣ መውጫ ለሌለው መንገድ ስምንት ኢንች ቱቦ ይቀብራሉ። አገር ቤት ቢሆን ይህን ያህል ቱቦ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ዋና መስመር ይሆናል። ሠላሳ ቤት በጣም ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት እንኳ ከ30 ጋሎን በደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በእኛ አቆጣጠር በሰከንድ ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ለዚህ ሁለት ኢንች ተኩል ቱቦ በቂ ነው። «ለምን ስምንት?» አልኳት።

ሳቀችና «አንተ የምትቆጥረው የሚጠጣውን ነው፤ እኛ የምንቆጥረው የሚነደውን ነው» አለችኝ። በመንገዱ ጫፍ ሃይድራንት አለ። እሳት ቢነሣ ያ ሃይድራንት፣ እንደ አካባቢው ደንብ ቢለያይም፣ 1,000 ጋሎን በደቂቃ ያህል እንዲሰጥ ይፈለጋል፤ በሰከንድ 63 ሊትር ማለት ነው። ያን ሁሉ እየሰጠ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ20 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ14 ሜትር ውሃ በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ከመሬት ውስጥ የቆሸሸ ውሃ በስንጥቁ ሊገባ ይችላል። የቱቦውን ስፋት የሚወስነው ሠላሳው ቤት ሳይሆን ያ ሃይድራንት ነው።

እኔ የኖርኩት የሰው ብዛትን በቀን ሊትር እያባዛሁ፣ ቦኖው ጋ ውሃ መድረሱን እያረጋገጥኩ ነው። እሳት በሒሳቤ ውስጥ ዋና ነገር ሆኖ አያውቅም። ይህን ነገርኳት፤ እሷም በተራዋ ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ መስመሩ እንዴት እንደሚነደፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ማስታወሻ ስትይዝ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ «ሰዓትዎን ልጠብቅ፤ ከማን ጋር ብነጋገር ይበጀኛል ይላሉ?» አልኩ። ሁለት ሰው ሰጠችኝ፤ ስሟን መጥቀስም ፈቀደችልኝ። ያለ አስተዋዋቂ የጀመርኩት ሰውዬ አስተዋዋቂ አገኘሁ።

በዚያው ቀን የምስጋና መልእክት ላክሁ፤ ያንን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ትውውቁን ትውውቅ ያደረገው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ የላክሁት ሌላው መልእክት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በነፃ የሚሰጠው ኢፓኔት የሚባል የውሃ መስመር ማስሊያ ፕሮግራም አለ፤ አገር ቤትም እሠራበት ነበር። ማታ ከፓርኪንግ ስመለስ የዚያን መንገድ ዓይነት ሠራሁበት። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ መነሻው ላይ ግፊቱ 60 ፒኤስአይ፣ ጫፉ ላይ ሃይድራንት። ስድስት ኢንች ሳደርገው ጫፉ ላይ 12 ሜትር ገደማ ብቻ ቀረ፤ ከተፈቀደው በታች ነው። ስምንት ሳደርገው 35 ሜትር ያህል ተረፈ። አራት ኢንችማ ፈጽሞ አይሆንም። ይህንኑ በአንድ አንቀጽ ጻፍኩና «ያሉኝን በቁጥር አየሁት፤ የሳትኩት ነገር ካለ ቢነግሩኝ» ብዬ ላክሁ።

በማግሥቱ መለሰች። መንገዱ ዳገት ከሆነ ከፍታውን መቀነስ እንዳለብኝ፣ ለአሮጌ ብረት ቱቦ ደግሞ የውስጡን መሻከር ከፍ አድርጌ ማስላት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በእሷ ዓይን የፓርኪንግ ሠራተኛ አልነበርኩም። ሥራዬን አይታዋለች። አገር ቤት ሰው ለሰው ዋስ የሚሆነው ዘሩን፣ ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱን አውቆ ነው። እሷ የምታውቀው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ ግን በዚያ አንቀጽ ላይ የመሰከረው የራሷ ዓይን ነው።

ከዚያ በኋላ ያነጋገርኩትን ሰው ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። የመከረኝን መጽሐፍ ካየሁ ያገኘሁበትን፣ የጠቆመኝን ሰው ካገኘሁ የተባልኩትን እመልስለታለሁ። ምክር የሰጠ ሰው ምክሩ የት እንደ ደረሰ ሊያውቅ ይወዳል፤ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ደግሞ እንዲህ ሲሆን ለመጻፍ ምክንያት አላጣም። «እንዴት ነዎት» ብቻ የሚል መልእክት ለሁለታችንም ሸክም ነው።

የተቸገርኩበት ነገር የሰዉን ፊት ማንበብ ነው። እኛ ዘንድ የማይፈልግህ ሰው ይቀዘቅዝብሃል። እዚህ የማይፈልግህም ፈገግ ብሎ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ እንገናኝ» ይልሃል። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለኝን ሁሉ ወዳጅ አድርጌ ቆጥሬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ስልኩ ሳይጮህ ሲቀርም ውስጤ ይጎዳ ነበር። አሁን የማየው ሦስት ነገር ነው፦ ስም ሰጠኝ ወይ? ቀን ቆረጠልኝ ወይ? እኔን መልሶ ጠየቀኝ ወይ? ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ፈገግታው ጨዋነት ነው፤ ጨዋነት ደግሞ ክፋት አይደለም፣ አመስግኖ መሄድ ነው።

ስልክ ብቻውን እንደማይበቃም አየሁ። የማኅበሩ የአካባቢ ክፍል የሚያደርጋቸው ስብሰባዎች ላይ አዳራሹ መሐል ቆሜ ጁስ ይዤ መዞር ለእኔ ስቃይ ነበር፤ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ያወራል፣ የእኔን አነጋገር ለመስማት የሚጠጋ ጆሮ የለም። በጎ ፈቃደኛ ሆኜ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ባጅ መስጠት ስጀምር ነገሩ ተቀየረ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ባጁን እሰጣለሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ እጠራዋለሁ። ከአንደበቴ ይልቅ መደጋገሙ አስታወቀኝ። በዚያ ጠረጴዛ የተነሣ ብዙ ሰው ያውቀኛል፤ ብዙውን ግን ከሰላምታ ያለፈ አነጋግሬው አላውቅም።

ሥራው የመጣው ያቺ መሐንዲስ ከሰጠችኝ ሁለት ሰዎች በአንዱ በኩል ነው። ከእሱ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የተነጋገርነው። ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችን የሚያጠጣው ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የውሃ ድርጅት በየዓመቱ አሮጌ መስመሮቹን ይተካል፤ ቁፋሮውን የሚቆጣጠሩ ሰዎችን ደግሞ አማካሪ ድርጅቶች ያቀርባሉ። እሱ የሚሠራበት ድርጅት ተቆጣጣሪ ሲፈልግ፣ ገና ማስታወቂያ ሳይወጣ፣ «ያ የእሳት ሒሳቡን የጻፈው ሰው ሥራ አግኝቷል?» ብሎ ያቺን መሐንዲስ ጠየቃት። ሲቪዬን የላክሁት ያኔ ነው፤ ያለ ፎቶ፣ ያለ ልደት ቀን፣ በአንድ ገጽ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ ቱቦ መኝታ አሸዋ፣ ስለ ግፊት ፍተሻና በክሎሪን ስለ ማጠብ ጠየቁኝ። ቁፋሮ ውስጥ ቆሜ መቁጠርና መመዝገብ አገር ቤት ከነበርኩበት ወንበር ዝቅ ያለ ነው። ለእኔ ግን ጭቃው ራሱ ደስታ ነበር።

ትውውቅ የማይከፍተው በር እንዳለም መናገር አለብኝ፤ ወጣቶች ሲጠይቁኝ ይህን እንዳይረሱት እፈልጋለሁ። ንድፍ ላይ ለመፈረም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ በሰው አይገኝም። የመጀመሪያው ፈተና 110 ጥያቄ አለው፤ ለመልሱ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። የውጭ አገር ዲግሪም ለብቻው ተገምግሞ መታየት አለበት። ያቺ መሐንዲስ ብትወደኝም ይህን ልታልፍልኝ አትችልም። የጠቀመችኝ ፈተናውን ሥራ ላይ ሆኜ እንድዘጋጅ ከማን ጋር መማር እንዳለብኝ በመንገር ነው።

አሁን የአክስቴ ልጅ ጓደኞች አዲስ የመጣ መሐንዲስ ሲያገኙ ወደ እኔ ይልኩታል። በቅርቡ የመጣው ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ አገር ቤት ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ይሠራ ነበር። እኔ በኤሌክትሪክ ዘርፍ የማውቀው ሰው የለም። «ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ የሠራኸው ምን ነበር?» አልኩት። መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ስለ ትራንስፎርመር መከላከያ ሪሌዎች ሲያወራ ቡናው ቀዘቀዘ። የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ በየጊዜው ባጅ የምሰጣት፣ የፓምፕ ጣቢያዎችን ኤሌክትሪክ የምትነድፍ ሴት ትዝ አለችኝ። እሱን ፊት ለፊት አስቀምጬ ሁለት መስመር ጻፍኩላት። ማታ መለሰች፤ የትኛውን ዓይነት ሪሌ፣ በምን ቮልቴጅ ላይ እንደ ሠራ ትጠይቃለች። ጥያቄዋን አስተላለፍኩለት፤ መልሱን ራሱ እየጻፈ ነው።